ስሎፑ ምን አለ?

የጉንችሬ ልጆች፣ ጉብሬ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የገባችሁትም ሌላ ቦታ የደረሳችሁትም፣ ላብ ሪፖርታችሁን ስታሳዩኝ ማንበብ የምጀምረው ከመጨረሻው ነው። በተወጠረ ክር ላይ የሚሠራው የስታንዲንግ ዌቭ ሙከራ ኮንክሉዥኑ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ይላል፦ «ግራፉ ቀጥታ መስመር ሆኗል፤ R² 0.999 ነው፤ ስለዚህ ቲዎሪው ተረጋግጧል። ትንሹ ልዩነት የሰው ስህተት ነው።» ይህን ጽሑፍ ስለ ፔንዱለምም ስለ ስፕሪንግም ብትለጥፉት ያው ነው። ክሩ የት አለ?

ቲዎሪው ከእናንተ የሚጠብቀው መስመር ብቻ አይደለም። ሁለት ጫፉ የተያዘ ክር n ሉፕ ሲሠራ ፍሪኩዌንሲው f = (v/2L)n ነው፤ የሞገዱ ፍጥነት ደግሞ v = √(T/μ)። T ውጥረቱ፣ μ የአንድ ሜትር ክር ክብደት፣ L የሚርገበገበው ርዝመት ነው። እንግዲህ f ን በ n ላይ ስትነድፉ ስሎፑ v/2L፣ ኢንተርሴፕቱ ዜሮ መሆን አለበት። ኮንክሉዥናችሁ ለእነዚህ ለሁለቱ ቁጥሮች መልስ መስጠት አለበት። R² የሚነግራችሁ ነጥቦቹ በመስመሩ ዙሪያ ምን ያህል እንደተሰበሰቡ ብቻ ነው፤ ስሎፑ የተሳሳተ መስመርም 0.999 ያወጣል።

አንድ ውጤት ይዘን እንየው። L 1.20 ሜትር፣ የተንጠለጠለው 200 ግራም ነው እንበል። በእኛ አገር ከፍታና ለምድር ወገብ ባለን ቅርበት g ን 9.78 አድርጉት፤ የመጽሐፉ 9.81 የሌላ አገር ቁጥር ነው። ስለዚህ T 1.96 ኒውተን ይሆናል። 3 ሜትር ክር ሚዛን ላይ 1.2 ግራም መዘነ፤ ስለዚህ μ በሜትር 0.40 ግራም ነው። ከዚህ የቲዎሪው ፍጥነት በሰከንድ 69.9 ሜትር፣ የሚጠበቀው ስሎፕ 29.1 ኸርዝ ይሆናል። ከ1 እስከ 6 ሉፕ ለክታችሁ n ን በ A፣ f ን በ B ዓምድ ካስገባችሁ በኋላ ኤክሴል ላይ ይህን ጻፉ፦

```
=LINEST(B2:B7,A2:A7,TRUE,TRUE)
```

የመጀመሪያው ረድፍ ስሎፑንና ኢንተርሴፕቱን፣ ሁለተኛው ረድፍ የየራሳቸውን የስህተት ወሰን ይሰጣችኋል። ስሎፑ 29.7 ± 0.3፣ ኢንተርሴፕቱ −0.8 ± 1.2 ወጣ እንበል። ኢንተርሴፕቱ ዜሮን በወሰኑ ውስጥ ይዟል፤ እሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል። ስሎፑን በ2L ስታባዙት v 71.3 ± 0.7 ይሆናል። ከ69.9 በ1.4 ይበልጣል፣ ይህም የወሰኑ እጥፍ ነው። ብዙዎቻችሁ «ሰው ይሳሳታል» የምትሉት እዚህ ላይ ነው። ግን 69.9ም ከሰማይ አልወረደም፤ ከሚዛን የመጣ ቁጥር ነው። ሚዛኑ 0.1 ግራም ድረስ ብቻ የሚያነብ ከሆነ 1.2 ግራሙ ± 0.05 አለው፣ 4 በመቶ ገደማ ማለት ነው። በካሬ ሥሩ ሲያልፍ ፍጥነቱ ላይ ግማሹ ይደርሳል፣ ± 1.5። ሁለቱን ወሰኖች ስታዋህዱ 1.6 ገደማ ስለሚሆን የ1.4 ልዩነት ከዚያ ውስጥ ይገባል። አሁን «ውጤቱ ከቲዎሪው ጋር ይስማማል፤ ዋናው ድክመት የ μ ልኬት ነው፤ 10 ሜትር ክር ቢመዘን ወሰኑ ይጠብባል» ብሎ መጻፍ ይቻላል።

ልዩነቱ ከወሰኑ ሲወጣ ደግሞ ምክንያቱን ከመስመሩ ቅርጽ አንብቡት። ሉፕ በመቁጠር ፈንታ ጫፎቹን ጨምራችሁ ኖድ ከቆጠራችሁ ስሎፑ ትክክል ይሆናል፣ ኢንተርሴፕቱ ግን −29 ወይም −30 አካባቢ ይወርዳል። መጠኑ ከስሎፑ ጋር እኩል ከሆነ ሌላ ጥፋተኛ አትፈልጉ። የ50 ግራሙን ማንጠልጠያ ሳትደምሩ ከቀራችሁ ተቃራኒው ይሆናል፤ ኢንተርሴፕቱ ዜሮ ላይ ይቆያል፣ ስሎፑ ከተሰላው በ12 በመቶ ይበልጣል። R² በሁለቱም አያማርርም። ወፍራም ሽቦ ከሆነና ነጥቦቹ በትልልቅ n ከመስመሩ ወደ ላይ ከተጠመዘዙ ግን የሽቦው ግትርነት ነው፤ ቀመሩ ፍጹም ልስልስ ክር ስለሚያስብ እዚያ ላይ ወሰኑ ይታያል።

ከምሳሌያችን አንድ ጥርጣሬ ይቀራል። የሚለጠጥ ክር ክብደት ሲንጠለጠልበት ይረዝማል፤ ሲረዝም μ ይቀንሳል፣ ፍጥነቱም ከተሰላው ከፍ ይላል። የእኛም ውጤት ከፍ ያለው ወደዚያው ነው፤ 4 በመቶ ብቻ ቢለጠጥ ልዩነቱን ይሸፍናል። ግን ሳትለኩ ምክንያቱ ይህ ነው ብላችሁ አትጻፉ። ክሩ ሳይጫንበት ሁለት ቦታ ምልክት አድርጉበት፣ 200 ግራሙን አንጠልጥሉና በምልክቶቹ መካከል ያለውን ርቀት እንደገና ለኩት። μ ን በአዲሱ ርዝመት አስተካክላችሁ ስሎፑን ዳግም አወዳድሩ።