ስድስተኛው ሰው ጭነት ነው?

መኪናዋ የተሠራችው ለአምስት ሰው ነው። አደጋ ሲደርስባት ግን ስድስት ሰዎች ተሳፍረውባታል። ባለቤቱ ኢንሹራንስ ቢኖረውም ኩባንያው አልከፍልም አለ። ውሉ «መኪናዋ ከተሠራችበት አቅም በላይ ጭነት ይዛ ሳለ» ለሚደርስ ጉዳት አንከፍልም ይላላ! በኩባንያው አነጋገር ስድስተኛው ሰው ትርፍ ጭነት ነው።

ይህ ሃውተን ከትራፋልጋር ኢንሹራንስ ጋር የተከራከረበት፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የታየ ጉዳይ ነው።

እስቲ እናንተ ፍረዱ። እኛ ጋ «ታክሲው ትርፍ ጭኗል» ሲባል ሁላችንም ሰው ማለት እንደሆነ እናውቃለን። ስለዚህ የኩባንያው ትርጉም ለጆሯችን እንግዳ አይደለም። ባለመኪናው ግን ጭነት ማለት እንደ ካሚዮን በኪሎ የሚለካ ዕቃ ነው ቢል እሱም ያስኬዳል። ፍርድ ቤቱ ቃሉን የክብደት ወሰን ተቀምጦላቸው ዕቃ ለሚያጓጉዙ መኪናዎች የሚስማማ አድርጎ ተረጎመው፤ ጥርጣሬ ካለም የሚጎዳው ውሉን የጻፈውን ነው አለ። ኩባንያው ተረታ።

«ሰውየው አንብቦ ፈርሟል እኮ፤ ታዲያ ኩባንያው ለምን ይቀጣል?» የሚል ይኖራል። እኔ ግን ቅጣት አይመስለኝም። «ከአምስት ሰው በላይ ከተሳፈረ አንከፍልም» ብሎ መጻፍ ለኩባንያው አንድ መስመር ነበር። ፈራሚው ግን ብዕሩ እጁ ላይ አልነበረም፤ ምርጫው መፈረም ወይም መተው ብቻ ነው። አሻሚ ቃል ለጻፊው የሚጠቅም ቢሆን ኖሮ ደግሞ ማድበስበስ ያዋጣ ነበር፦ ውል ሲሸጥ ሰፊውን ትርጉም ማሳየት፣ ክፍያ ሲጠየቅ ጠባቡን መምዘዝ።

ይህ መርህ ግን የመጀመሪያ መሣሪያ አይደለም። የእኛም የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1733 ግልጽ የሆነን ውል ዳኛ በትርጉም ሰበብ ሊለውጠው እንደማይችል ይደነግጋል። ቃሉ የሚያሻማ ከሆነ ደግሞ በአንቀጽ 1734 መሠረት የሁለቱ ወገኖች የጋራ ሐሳብ ይፈለጋል፤ ከውሉ በፊትና በኋላ ያደረጉትም ይታያል። ውሉን በጻፈው ላይ መተርጎም የሚያምረው ይህ ሁሉ ተሞክሮ ሁለቱም ትርጉሞች እኩል ሲቆሙ ነው። «እኔ እንዲህ መስሎኝ ነበር» ማለት ብቻውን አሻሚነት አይሆንም። ሁለት ነጋዴዎች በየጠበቃቸው ቃል በቃል ተደራድረው ከጻፉትም ጻፊው ማን እንደሆነ መለየት ይቸግራል፤ መርሁም ያን ያህል አይረዳም።

አንድ ጣጣም አለው። የተረታ ኩባንያ በሚቀጥለው ውል ላይ ቀዳዳዋን ይደፍናል። ውሉ ይረዝማል፣ አንባቢው ይሰለቻል። ቢሆንም ስድስተኛ ሰው የማይፈቀድ ከሆነ ወረቀቱ ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ ሰውየው መኪናው ከመጋጨቷ በፊት ይወቀው።