«ነግሬው ነበር» እና «አልነገረኝም»

«እሺ» እና «አዎ» ሲያዩአቸው መንትያ ይመስላሉ እንጂ የአንድ እናት ልጆች አይደሉም። «አዎ» የሚመልሰው ለነገሩ ነው። «እሺ» የሚመልሰው ለሰውየው ነው። «ዝናቡ አባራ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው «እሺ» አይልም፤ «ነገ በማለዳ ና» የተባለም «አዎ» ብሎ አይመልስም። «እሺ» ሲል ሰምቼሃለሁ፣ አክብሬሃለሁ፣ በሰው ፊት አላሳፍርህም ማለቱ ነው። በማለዳ መምጣት አለመምጣቱ ከዚያ በኋላ የሚታይ ሌላ ጉዳይ ነው። ይህን ልዩነት እዚህ ያደገ ሁሉ ያለ አስተማሪ ያውቀዋል። የማያውቀው ከሌላ አገር መጥቶ ከእኛ ጋር አንድ ማሽን አጠገብ የቆመ ሰው ነው። እዚህ ላይ ጥያቄው የሰዋስው መሆኑ ቀርቶ የግብረ ገብ ይሆናል። ለመሆኑ የማይፈጽሙትን ነገር «እሺ» ማለት ውሸት ነውን?

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ከጎተራ ወደ ሳሪስ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ከተደረደሩት ፋብሪካዎች በአንዱ ውስጥ ነን እንበል። ከጀርመን የመጣ አንድ መሐንዲስ የፈረቃውን ኃላፊ ይጠይቃል። ቀኑ ረቡዕ ነው።

«ማሽኑ እስከ ቅዳሜ ሳይቆም ይሠራል?»

«ይሠራል፣ ኢንጂነር። ብቻ ኩሽኔታው ትንሽ ይጮሃል። እስቲ እንሞክራለን፤ እግዚአብሔር ያውቃል።»

መሐንዲሱ «ይሠራል» የምትለዋን ይዞ ሄደ። ዓርብ ሌሊት ኩሽኔታው ነከሰ፤ ዘንጉን ይዞት ተበላሸ። ለሰኞ የተቀጠረው ዕቃም ሳይወጣ ቀረ። በማግሥቱ ስብሰባ ላይ መሐንዲሱ «ለምን አልነገርከኝም?» አለ። ኃላፊው ደግሞ ከስብሰባው ወጥቶ ለጓደኞቹ «ነግሬው ነበር እኮ!» አለ።

አንባቢ ሆይ፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የኃላፊውን መልስ እንደገና ያንብቡት። እኛ ብንሆን «ይሠራል» የሚለውን ገና ከአፉ ሳይወጣ ጥለነው «ብቻ» በምትለዋ ቃል ላይ ጆሯችንን እንቀስር ነበር። «ትንሽ ይጮሃል» ማለት «አቁመው» ማለት ነው። «እንሞክራለን» ማለት «አልተማመንበትም» ማለት ነው። የፈጣሪ ስም የተጠራው ደግሞ ጉዳዩ ከእኔ አቅም ወጥቷል ለማለት ነው። ኃላፊው በአንድ ትንፋሽ ሦስት ጊዜ አስጠንቅቋል። መሐንዲሱ ግን ያደገው ዋናው ነገር በመጀመሪያ በሚነገርበት አገር ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚከተለውን እንደ ጨዋታ ማሳመሪያ ቆጠረው።

ይህን ልዩነት ስም ሰጥቶ ያስተዋወቀው አሜሪካዊው የሰው ዘር ባህል አጥኚ ኤድዋርድ ሆል ነው። ሆል የአሜሪካ ዲፕሎማቶች ወደ ውጭ ከመላካቸው በፊት በሚሠለጥኑበት ተቋም ሲያስተምር ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጣው መጽሐፉ ባህሎችን በዐውዳቸው ክብደት ለይቶ አስቀመጠ። ዐውድ የምንለው ቃሉን ዙሪያውን አቅፎ የያዘውን ነገር ሁሉ ነው፤ ማን ለማን ተናገረ፣ በማን ፊት፣ በምን ድምፅ፣ ከምን ዝምታ በኋላ የሚለውን። ዐውዱ በከበደበት ባህል አብዛኛው መልእክት በዚያ ውስጥ ይቀመጣል፤ ቃሉ ጫፉን ብቻ ያሳያል። ዐውዱ በቀለለበት ባህል ደግሞ መልእክቱ በሙሉ በቃሉ ውስጥ መታጨቅ አለበት። ሆል ጃፓንንና ቻይናን ከከባዶቹ፣ ጀርመኖችን፣ የጀርመንኛ ተናጋሪ ስዊሶችንና ስካንዲኔቪያውያንን ከቀላሎቹ ወገን መድቧል። ደረጃውን ያወጣው ግን በመለኪያ ሳይሆን በተመልካችነት ስለሆነ እንደ ሚዛን ሳይሆን እንደ አቅጣጫ ጠቋሚ ብንይዘው ይሻላል።

ከባዱንና ቀላሉን ለመለየት ንፋስ ስልክ የሚለው የሰፈሩ ስም ራሱ ይረዳናል። ስሙ የመጣው ከሽቦ አልባው ቴሌግራፍ ነው። በቴሌግራፍ የሚላክ መልእክት ፊት የለውም፤ የድምፅ ቃና የለውም፤ ሲናገሩ ቀና ማለትና አንገት መድፋት የለውም። በቃሉ ውስጥ ያልተጻፈ ነገር በዚያኛው ጫፍ አይደርስም። ጀርመናዊው መሐንዲስ ፊት ለፊት ቆሞም የሚያዳምጠው እንደ ቴሌግራፍ ነው። የእኛ ሰው ደግሞ ወረቀት ላይ ሲጽፍ እንኳ ፊቱ አብሮ እንደሚሄድ ያስባል።

ስለ እኛ በተለይ የጻፈው ሌላው አሜሪካዊ ዶናልድ ሌቪን ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው ሥራው ሰምና ወርቅ የቅኔ ቤት ጥበብ ብቻ ሳይሆን የዕለት ተዕለት አነጋገራችንም ሥርዓት መሆኑን አሳየ። ሁለት ገጽታ ያለው ንግግር ለጨዋታም፣ ሳይጋፈጡ ለመንቀፍም፣ ገመናን ለመሸፈንም እንደሚያገለግል ጻፈ፤ ዘመናዊው ሥራ የሚጠይቀውን ግልጽነት እንደሚፈታተን ግን አልሸሸገም። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1985፣ በሌላ መጽሐፉ ምዕራባውያኑ ከአሻሚ ንግግር መሸሻቸው እነርሱንም እንዳጎደላቸው ተከራከረ። እንግዲህ ጉዳዩ የኋላ ቀርነትና የሥልጣኔ ጉዳይ አይደለም። ጉዳዩ የቱ ንግግር ለየትኛው ሥፍራ ይስማማል የሚል ነው።

ሥፍራውን መሳት ምን ያህል እንደሚያስከፍል በጃንዋሪ 25 ቀን 1990 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ አቅራቢያ የደረሰው አደጋ ያስተምራል። የኮሎምቢያው አየር መንገድ የአቪያንካ 52ኛ በረራ በአየሩ ሁኔታና በትራፊኩ ብዛት ምክንያት ለማረፍ ተራ እየጠበቀ ሦስት ጊዜ፣ በድምሩ ከአንድ ሰዓት በላይ፣ በአየር ላይ ሲዞር ቆየ። ነዳጁ እየተሟጠጠ ሄደ። ለማረፍ ሞክሮ ሳይሳካለት ሲቀር ዋናው አብራሪ አደጋ ላይ መሆናቸውን ለተቆጣጣሪዎቹ እንዲነግር ረዳቱን አዘዘ። ረዳቱ ግን ሌላ ሙከራ እንደሚያደርጉና ነዳጃቸው እያለቀ መሆኑን ተናገረ እንጂ ለድንገተኛ አደጋ የተመደበውን ቃል አልጠራም። ዋናው አብራሪ «ነገርከው?» ብሎ ሲጠይቀው «አዎ ጌታዬ፣ ነግሬዋለሁ» አለ። ተቆጣጣሪው በበኩሉ ራቅ ብለው ዞረው እንዲመለሱ ሲያዝ ይህ ለእነርሱም ለነዳጃቸውም ይስማማ እንደሆነ ጠይቆ ነበር። ያገኘውም መልስ «ይመስለኛል፣ በጣም አመሰግናለሁ» የሚል ነበር። አውሮፕላኑ ነዳጁ ጨርሶ በሎንግ አይላንድ ላይ ወደቀ። ከነበሩት 158 ሰዎች 73ቱ ሞቱ።

ረዳት አብራሪው ዋሽቷልን? አልዋሸም። ነዳጅ እያለቀ መሆኑን ተናግሯል። የአውሮፕላን ነዳጅ ግን በማንኛውም በረራ እያለቀ የሚሄድ ነገር ስለሆነ ቃሉ ብቻውን ለተቆጣጣሪው ጆሮ አላስደነገጠም። ፍርሃቱ ያለው በድምፁ ውስጥ ነበር፤ በዚያች ሌሊት ደግሞ የተቆጣጣሪው ጆሮ ድምፅን ለመመርመር ፋታ አልነበረውም። ተቆጣጣሪውም ቢሆን ከነቀፋ አያመልጥም። «ይስማማሃል?» ብሎ ትሑት የሆነን ሰው መጠየቅ «ይስማማኛል» የሚል መልስ ማዘዝ ነው። «ስንት ደቂቃ የሚያበር ነዳጅ ቀርቶሃል?» ብሎ ቢጠይቀው ኖሮ ትሕትና የሚደበቅበት ቦታ ባልኖረው ነበር። ቁጥር ሰም የለውም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። በእኔ አስተያየት «እሺ» በራሱ ውሸት አይደለም። ውሸት ወይም እውነት የሚሆነው ሰሚው ወርቁን ማውጣት ይችላል አይችልም በሚለው ነው። ተናጋሪው ሰሚው እንደማይችል እያወቀ በሰሙ ብቻ ከሸኘው «ነግሬው ነበር» የሚለው መከላከያ ይፈርሳል። ይህ ደግሞ ለፈረንጅ ብቻ የሚሠራ ሕግ አይደለም፤ እዚሁ በእኛው መካከልም ይሠራል። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ውስጥ አለቃው ሠራተኛውን ጠርቶ «እስቲ በዘዴ ጨርሰው» ይለዋል። «ታውቅበት የለ!» ብሎም ያክልበታል። ሥራው ከተቃና ትእዛዙ የአለቃው ነው። ከተበላሸ «እኔ እንዲህ አድርግ አልኩህ?» ይመጣል። ሠራተኛው ጠቅሶ የሚሟገትበት ዐረፍተ ነገር የለውም፤ ትእዛዙ የተላለፈው በቅንድብ ነበርና። የታች ሰው ንግግሩን የሚሸፍነው በግልጽ መናገር እንጀራውን ስለሚያሳጣው ነው። የላይ ሰው የሚሸፍነው ኃላፊነት እንዳይደርስበት ነው። የአነጋገሩ መልክ አንድ ይሁን እንጂ ሚዛኑ አንድ አይደለም።

ቀላል ዐውድ ያላቸውም የራሳቸው መደበቂያ አላቸው። መቶ ገጽ ውል ጽፎ፣ ሰው ሲጎዳ እያየ «ይህ በውሉ ላይ የለም» ማለት በግልጽ ቃል የተሠራ ዝምታ ነው።

ሁሉም ከባድ ዐውድ ያላቸው ሰዎች እርስ በርስ ይግባባሉ ማለትም ስሕተት ነው። በለቡ ጣቢያ የሚያልፈው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የጅቡቲ ባቡር መሥመር የተሠራው በቻይና ኩባንያዎች ነው፤ በሥራውም ብዙ ቻይናውያንና ኢትዮጵያውያን አብረው ውለዋል። ሁለቱም ሕዝቦች ላለማሳፈር የሚጠነቀቁ፣ ዝምታን የሚያነቡ ናቸው። ነገር ግን የሚያነቡት የተለያየ መጽሐፍ ነው። ከባድ ዐውድ የሚሠራው ዐውዱን አብረው ለኖሩበት ብቻ ነውና፣ ሁለት ቅኔ አዋቂዎች በማይተዋወቁ ቋንቋዎች ቅኔ ቢቀባበሉ የሚተርፋቸው መተያየት ብቻ ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? «እሺ»ን ከአፋችን እንፋቅ የሚል ምክር የለኝም። ጠያቂ የሆነ ሰው ግን ምልክቶቹን ይወቅ። ቀንና ሰዓት ያልታሰረበት «እሺ»፣ ከ«ይሆናል» በኋላ የምትመጣ «ብቻ»፣ «እንሞክራለን» የሚል መልስ፣ ድንገት የተለወጠ ወሬ፣ እነዚህ ሁሉ «አይሆንም» የሚለው ቃል የለበሳቸው ልብሶች ናቸው። «ይደርሳል?» ብሎ ከመጠየቅ «ለመድረስ ምን ይጎድለዋል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል፤ ጉድለቱን የሚናገረው ሰው ጠያቂውን እንደ መታዘዝ እንጂ እንደ መቃወም አይሰማውምና። አብራሪዎች የተሰጣቸውን ቁጥር መልሰው እንዲናገሩ እንደሚደረገውም፣ ትእዛዝ የተቀበለ ሰው በራሱ አፍ እንዲደግመው ማድረግ ነው። ይህን ሁሉ በሰው ፊት ሳይሆን ገለል አድርጎ ቢጠይቁት ደግሞ ያ የፈረቃ ኃላፊ ረቡዕ ዕለት «ኩሽኔታው ዓርብን አያልፍም፤ ዛሬ ይለወጥ» ባለ ነበር።

ተናጋሪውም የራሱ ድርሻ አለው። የሚሸፈነው የራሱ ወይም የወዳጁ ፊት ብቻ ከሆነ በሰም ይናገር፤ ጨዋነት ነው። በንግግሩ መሸፈን የሚጎዳው ግን በስብሰባው ውስጥ የሌለ ሰው ከሆነ፣ ማሽኑ አጠገብ እጁን የሚዘረጋው የሌሊት ተረኛ ወይም በአውሮፕላኑ ወንበር ላይ ያንቀላፋው መንገደኛ ከሆነ፣ ወርቁን አውጥቶ መስጠት የተናጋሪው ዕዳ ነው። ያ ሰው ሰሙን የሚያቀልጥበት ጊዜ የለውም።