እባብ ያየ በልጥ በረየ

ልጆቼ፣ ቡናው እስኪፈላ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ደባርቅ ውስጥ አንዲት እናት በክረምት ጭቃ ደጃቸው ላይ አዳልጧቸው ወደቁ፤ ዳሌያቸው ተሰበረ። ወጌሻ ይጠራ ያለም ነበር። ልጃቸው ግን በዳባት አድርጎ፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጎንደር አደረሳቸው፤ በኦፕራሲዮን ብረት ገባላቸው። ደግ አደረገ፤ የዳሌ ስብራት በማሸት አይድንም።

ጭንቁ የመጣው ቤት ከገቡ ወዲያ ነው። ሐኪሙ ይርገጡ ብሏል፤ እሳቸው ግን ከመደቡ አልወርድም አሉ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ ምንጣፉ ሁሉ ጭቃ መሰላቸው። ምራታቸውም «እማዬ፣ አይነሱ፣ እኔ አለሁልዎ» እያለች ውሃውንም እህሉንም እመኝታቸው ታቀርባለች። አንጀቷ ነው፤ አልፈርድባትም። ነገር ግን የተኛ እግር ይሰላል፣ የሰለለ እግር ይንቀጠቀጣል፣ የተንቀጠቀጠም ይጥላል። ያኔ ፍርሃቱ ራሱ የፈራውን ያመጣል።

አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ስታያቸው አስቀድማ ያስጀመረቻቸው መራመድ አልነበረም፤ ከፍ ካለ ወንበር፣ መደገፊያውን በእጅ ተጭኖ መነሳትና ቀስ ብሎ መቀመጥ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ጭናቸው ሲበረታ ወደ ምርኩዙ መጡ። ቀጥ ብለው ቆመው እጃቸውን ሲያወርዱ፣ የምርኩዙ ራስ ከእጅ አንጓቸው ትክክል እንዲሆን ተቆረጠ። የሚያዘውም በደህናው እግር በኩል ነው። ጎረቤት ሁሉ «በተሰበረው በኩል ነው እንጂ!» ብሎ ተሟገተ፤ ነገሩ ግን በተቃራኒው ነው። ምርኩዙ በደህናው በኩል ሲሆን የተጎዳው ዳሌ የሚሸከመው ክብደት ይቀልለታል። አረማመዱም ምርኩዝ፣ የተጎዳው እግር፣ ከዚያ ደህናው ነው። ደፍ ሲወጡ ደህናው ይቀድማል፤ ሲወርዱ ምርኩዙና የተጎዳው።

ምራቲቱም ሥራዋ ተለወጠ። ክንድ መጎተቷን ትታ በተጎዳው በኩል ትንሽ ወደ ኋላ ብላ፣ እጇን ከወገባቸው አጠገብ አድርጋ ትከተላለች። ሌሊት ለሽንት ሲነሱ መብራት ይበራል፤ ከመደቡ ጫፍ ጥቂት ተቀምጠው፣ ራሳቸውን እንዳላዞራቸው አይተው ይቆማሉ። የሚጎተት ነጠላና ሸርተቴ ጫማ ቀረ። ባት አብጦ ካመመ፣ ትንፋሽ በድንገት ካጠረ፣ ወይም እግሩ ድንገት አልረግጥ ካለ ግን ይህ የልምምድ ድካም አይደለምና በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ነው።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ መጀመሪያ እስከ በሩ፣ ኋላ እስከ አጥሩ፣ ጭቃው ሲደርቅ ደግሞ እጎረቤት ቡና ደረሱ። ባለቤቲቱ ደስ ብሏት ዱካ ብታቀርብላቸው፣ «ይህንስ ላንቺ፤ ከእሱ ማን ያነሳኛል? ከፍ ያለ ወንበር አምጪልኝ» አሏት።