0.002833 የማይነግረን

አር የተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ሲጫን `sleep` የሚባል ትንሽ የመረጃ ሠንጠረዥ አብሮት ይመጣል። አሥር ሕሙማን ሁለት የእንቅልፍ መድኃኒቶችን በየተራ ወስደው፣ እያንዳንዱ መድኃኒት እንቅልፋቸውን ያለ መድኃኒት ከሚተኙት በስንት ሰዓት እንደጨመረው (ወይም እንደቀነሰው) ተመዝግቧል። ቁጥሮቹ በ1905 እ.ኤ.አ. ከወጣ የመድኃኒት ጥናት የተወሰዱ ናቸው፤ ዝነኛ ያደረጋቸው ግን በጊነስ ቢራ ፋብሪካ ይሠራ የነበረውና «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም የሚጽፈው ዊሊያም ጎሴት ነው፤ በ1908 ዛሬ ቲ-ቴስት የምንለውን ዘዴ ሲያስተዋውቅ በምሳሌነት ተጠቅሞባቸዋል። ሁለቱን መድኃኒቶች በሶፍትዌሩ ያነጻጸረ ሰው ስክሪኑን ፎቶ አንስቶ ቢልክልን የሚደርሰን ይህን ይመስላል፦

```
	Paired t-test
t = -4.0621, df = 9, p-value = 0.002833
95 percent confidence interval:
 -2.4598858 -0.7001142
mean difference
          -1.58
```

ዓይናችን ቶሎ የሚያርፈው `p-value` ላይ ነው፤ «ከ0.05 በታች ስለሆነ ሲግኒፊካንት ነው» ብሎ ለማለፍም ሁለት ሰከንድ አይፈጅም። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ዓረፍተ ነገር ነው አስቸጋሪው። ብዙዎች «ስለዚህ በሁለቱ መድኃኒቶች መካከል ልዩነት የሌለ የመሆኑ ዕድል 0.28 በመቶ ብቻ ነው» ይላሉ። ቁጥሩ ግን ይህን አላለም። ቁጥሩ የሚለው፦ የሁለቱ መድኃኒቶች አማካይ ልዩነት በእውነት ዜሮ ቢሆን፣ የአሥሩ ሰዎች ልዩነቶች አንዱ ከሌላው ሳይያያዝ በደወል ቅርጽ የተሰራጩ ቢሆኑ፣ እንዲህ ያለው ሙከራ አሥር ሺህ ጊዜ ቢደጋገም፣ የቲ ዋጋ በየትኛውም አቅጣጫ ከዜሮ ቢያንስ 4.06 የሚርቀው ወደ 28 ጊዜ ብቻ ነው። «ልዩነት የለም» የሚለው ሐሳብ በዚህ ስሌት ውስጥ እንደ መነሻ ተወስዷል፤ መነሻ የሆነ ነገር ደግሞ የራሱን እውነት የመሆን ዕድል ከዚያው ስሌት ሊያገኝ አይችልም። የዓለም ማራቶን ያሸነፈ ሯጭ ኢትዮጵያዊ ወይም ኬንያዊ የመሆኑ ዕድል ትልቅ ነው፤ አንድ ኢትዮጵያዊ ወይም ኬንያዊ የዓለም ማራቶን አሸናፊ የመሆኑ ዕድል ግን ኢምንት ነው። ሁለተኛውን ለማወቅ ከመጀመሪያው ሌላ፣ ስንት አሸናፊ እንዳለና ኢትዮጵያውያንና ኬንያውያን በጠቅላላው ስንት እንደሆኑ ማወቅ ያስፈልጋል። በመድኃኒቱም ጉዳይ ከሙከራው በፊት ሐሳቡ ምን ያህል ያስኬድ እንደነበር ካልተጨመረበት፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ብቻውን ወዲያ አያሻግርም። የሚገርመው፣ ጎሴት ራሱ በዚያው ጽሑፉ ከእነዚሁ ቁጥሮች ተነሥቶ ሁለተኛው መድኃኒት የተሻለ የመሆኑ ዕድል 666 ለ1 ገደማ ነው ሲል ደመደመ። በዘመኑ እንዲህ ከመረጃ ወደ መላምት ተገልብጦ መሄድ የተለመደ ነበር፤ ከማናቸውም መረጃ በፊት ሁሉም መጠን እኩል ይቻላል የሚል ግምት በውስጡ ተሸሽጓል። ዛሬ ያን ግምት በግልጽ ሳይናገር ያንኑ ዓረፍተ ነገር የሚጽፍ ሰው የጎሴት ዘመን ማመካኛ የለውም፤ የአሜሪካ ስታቲስቲክስ ማኅበርም በ2016 ባወጣው መግለጫ ፒ ቫልዩ መላምቱ እውነት የመሆኑን ዕድል እንደማይለካ በግልጽ አስቀምጧል።

እስካሁን ያልነው ቁጥሩ «ቢሆን» በሚሉ ሁኔታዎች ላይ የቆመ መሆኑን ነው። ሁኔታዎቹ ሲለወጡ ምን እንደሚሆን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በዚያው ሠንጠረዥ ላይ `t.test(extra ~ group, data = sleep)` ብለን ብንጽፍ ሶፍትዌሩ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ `p-value = 0.07939` ይመልስልናል። ሕሙማኑም ሰዓቶቹም አልተለወጡም፤ አማካይ ልዩነቱም ያው 1.58 ሰዓት ነው። የተለወጠው፣ ሁለተኛው ትእዛዝ አሥር ሰዎችን ሃያ አድርጎ መቁጠሩ ነው። ሰባተኛው ሕመምተኛ በመጀመሪያው መድኃኒት 3.7 ሰዓት፣ በሁለተኛው 5.5 ሰዓት ተጨምሮለታል፤ አራተኛው በመጀመሪያው 1.2 ሰዓት ሲቀነስበት በሁለተኛው የተጨመረለት 0.1 ብቻ ነው። ሰው ከሰው በዚህ ልክ ስለሚለያይ፣ ሁለት የተለያዩ ቡድኖች ናቸው ብለን ካሰብን የመድኃኒቱ ልዩነት በሰዎቹ ልዩነት ይዋጣል። እያንዳንዱን ሰው ከራሱ ጋር ስናወዳድር ግን ሰባተኛው 1.8፣ አራተኛው 1.3 ሰዓት ይሰጡናል፤ ሁለቱ ተቀራረቡ። «ታዲያ ስታቲስቲክስ እንደ ፈለጉት የሚጠመዘዝ ነገር ነው» የሚል ካለ፣ አይደለም። ከሁለቱ ትእዛዞች ትክክለኛው የመጀመሪያው ነው፤ ትክክለኛ ያደረገው ግን 0.05ን ማለፉ ሳይሆን ሙከራው በእያንዳንዱ ሰው ላይ ሁለቱንም መድኃኒት በመሞከር መሠራቱ ነው። የሶፍትዌሩ ማብራሪያ ገጽ እንኳ `group` የሚለው ስም ሊያሳስት እንደሚችል፣ ቁጥሮቹ የአሥር ሰዎች መለኪያ እንጂ የቡድኖች እንዳልሆኑ ያስጠነቅቃል። ይህ ማስጠንቀቂያ ፎቶው ላይ የለም። ስለዚህ ስክሪንሾት ሲደርሰን ከፒ ቫልዩው በፊት መነበብ ያለበት አናቱ ላይ ያለው የቴስቱ ስም ነው፤ ቀጥሎም ያ ስም መረጃው ከተሰበሰበበት መንገድ ጋር መግጠሙን ላኪውን መጠየቅ ነው። ሌላ ስንት ቴስት ተሞክሮ ይህኛው እንደተመረጠም ፎቶው አይናገርም፤ ይህም ከላኪው ብቻ የሚገኝ መልስ ነው።

ፒ ቫልዩን የመላምቱ ዕድል አድርጎ ከማንበብ ሌላ፣ ሁለተኛው ማጋነኛ መንገድ ትንሽ ፒ ቫልዩን እንደ ትልቅ ጥቅም ማንበብ ነው። ዘጠነኛው ሕመምተኛ በመጀመሪያው መድኃኒት ምንም ሳይጨመርለት በሁለተኛው 4.6 ሰዓት አግኝቷል፤ ከአሥሩ ሁሉ ለሁለተኛው መድኃኒት አብልጦ የመሰከረው እሱ ነው። እሱን ብናወጣው የመድኃኒቱ ብልጫ ይዳከማል ብለን እንጠብቃለን፤ በእርግጥም አማካዩ ከ1.58 ወደ 1.24 ሰዓት ይወርዳል። ፒ ቫልዩው ግን ከ0.001 በታች ይሆናል፤ ማለትም ጥቅሙ አነሰ፣ «ሲግኒፊካንትነቱ» ጨመረ። ምክንያቱ የቀሩት ዘጠኝ ሰዎች ይበልጥ ስለሚመሳሰሉና ቲ የሚሠራው አማካዩን በመለያየቱ በማካፈል ስለሆነ ነው። (ሰውየውን አውጥቶ ሪፖርት ማድረግ ይገባል ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ምክንያት የለሽ መቁረጥ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው።) ስለ መጠኑ የሚነግረን ከፒ ቫልዩው በታች ያለው መስመር ነው። ምልክቱ አሉታዊ የሆነው ሶፍትዌሩ ከአንደኛው ሁለተኛውን ስለቀነሰ ነው፤ ገልብጠን ስናነበው፣ ከመረጃው ጋር በዚህ ሞዴል የሚስማማው ብልጫ ከ0.7 እስከ 2.46 ሰዓት ይዘረጋል። አርባ ደቂቃ ገደማና ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ለሐኪም አንድ አይደሉም።

ጠንካራው ተቃውሞ፣ «ይህን ሁሉ ካልን ቁጥሩ ምን ጠቀመን? ሐኪም እኮ መወሰን አለበት» የሚለው ነው። ቁጥሩ ይጠቅማል። የልዩነት አለመኖርን ከእነዚህ መለኪያዎች ጋር አብሮ ማስኬድ ከባድ መሆኑን ያሳያል፤ በአጋጣሚ ነው ብሎ የሚከራከር ሰው ብርቅ አጋጣሚ መጥራት ግድ ይሆንበታል። ውሳኔው ግን ስለ ጎንዮሽ ጉዳት፣ ስለ ዋጋ፣ እንዲሁም አሥሩ ሕሙማን ሐኪሙ ፊት የተቀመጠውን ሰው ይመስሉ እንደሆነ በመጠየቅም የሚሞላ ነው። ስለዚህ ከዚህ ፎቶ ተነሥቶ የሚጻፈው ዓረፍተ ነገር የሚከተለውን ያህል ቢረዝም አይበዛበትም፦ «ሁለቱንም መድኃኒት በወሰዱ አሥር ሕሙማን ዘንድ ሁለተኛው በአማካይ 1.58 ሰዓት ተጨማሪ እንቅልፍ ሰጥቷል፤ የ95 በመቶ የመተማመኛ ክልሉ ከ0.70 እስከ 2.46 ሰዓት ነው፤ አማካይ ልዩነቱ ዜሮ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የራቀ ውጤት ብርቅ ነበር፣ ፒ 0.003።» በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የመድኃኒቶቹን ስም አለመጥራቴ ሆን ብዬ ነው። ጎሴት ቁጥሮቹን ከ1905ቱ ጥናት ሲገለብጥ የመድኃኒቶቹን ስም አሳስቶ ነበር፤ ስሕተቱ የታወቀው ወደ መነሻው ጥናት ተመልሰው ባነበቡ ሰዎች ነው። ስሙ ተሳሳተም ተስተካከለም ሶፍትዌሩ ያንኑ 0.002833 ያወጣል።