የአሥራ አንደኛው ወር ዕጣ

እስቲ ከአንድ ጥያቄ እንነሣ። አንድ ሰው ዛሬ 60,000 ብር ቢሰጣችሁ፣ ሌላው ደግሞ የዛሬ ወር 60,000 ብር ቢሰጣችሁ፣ ሁለቱ እኩል ሰጥተዋችኋል? “አዎ” ለማለት ከቸኮላችሁ፣ እኔም እንደ እናንተ ነበርሁ። ሐሳቤን ያስቀየረኝ እቁብ ነው።

እዚሁ ድሬዳዋ ውስጥ አሥራ ሁለት ጓደኛሞች ሆነን በየወሩ 5,000 ብር የምንጥልበት እቁብ ነበረን። ዕጣ የወጣለት 60,000 ብር ይወስዳል፤ ዋስ ጠርቶም እስከ መጨረሻው መክፈሉን ይቀጥላል። አሥር ወር አለፈና ሁለት ብጣሽ ወረቀት ቀሩ፤ አንዱ የእኔ፣ ሌላው ከሳቢያን ወደ ከዚራ ባጃጅ የሚሠራ ጓደኛዬ። ዕጣው ለእኔ ወጣ። የእርሱ ባጃጅ ሞተር ተበላሽቶ ግቢ ውስጥ ቆሞ ነበርና፣ “ተራህን ስጠኝ፤ አንተ በሚቀጥለው ወር የእኔን ትወስዳለህ፤ በላዩም 1,000 ብር እሰጥሃለሁ” አለኝ። ገና አፌን ሳልከፍት ከመካከላችን አንዱ፣ “ይህማ አራጣ ነው!” አለ።

ክርክሩ እስከ ማታ ዘለቀ። እናንተም ከመፍረዳችሁ በፊት ያቺ አንድ ወር ምን ያህል እንደምታወጣ አብረን እንቁጠር።

በመጀመሪያ ከእኔ በኩል። 60,000 ብሩን ወስጄ ባንክ ባስቀምጠው ኖሮ ምን አገኝ ነበር? ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎት ነበር። በዚህ ሒሳብ የዓመቱ ወለድ 4,200 ብር፣ የወሩ ደግሞ 350 ብር ይሆናል። ይህ ትንሹ ዋጋ ነው።

ነገር ግን ገንዘብ ባንክ ውስጥ ቢቀመጥም ገበያው አይጠብቀውም። በ2014 ዓ.ም. የአገራችን የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ለስሌት እንዲቀለን በዓመት 20 በመቶ ብቻ ነው እንበል። ዛሬ 60,000 ብር የሚሸጥ ዕቃ የዛሬ ወር 61,000 ብር ገደማ ይገባል። ስለዚህ በሚቀጥለው ወር እጄ የሚገባው 60,000 ብር፣ ኖቱ ሳይጎድል፣ የ1,000 ብር ያህል ዕቃ ጎድሎበታል። ጓደኛዬ ሊጨምርልኝ ያለው ገንዘብ ይህን ጉድለት ከመሙላት ብዙም አያልፍም። አትራፊ ለመባል እንኳ አልበቃሁም።

አሁን ወደ እርሱ እንሂድ። ባጃጁ ሲሠራ ከነዳጅና ከልዩ ልዩ ወጪ ተርፎ በቀን 400 ብር ያስገባለታል እንበል። በወር ሃያ ስድስት ቀን ቢሠራ 10,400 ብር ነው። ሞተሩ አንድ ወር ዘግይቶ ቢታደስ ይህ ገቢ አይመለስም፤ የቆመ ባጃጅ ያለፈውን ቀን ኋላ ላይ በሁለት እጥፍ ሮጦ አይተካም። እንግዲህ ያችው አንድ ወር በባንኩ ቤት 350፣ በገበያው 1,000፣ በባጃጁ 10,400 ብር ታወጣለች። ገንዘቡ አንድ ነው፤ ልዩነቱ የሚመጣው ገንዘቡ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሊሠራው ከሚችለው ሥራ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። የነገው ገንዘብ ገና ተስፋ ነው። በእቁብ ውስጥ መጨረሻ ላይ የሚወስድ ሰው፣ ቀድመው የወሰዱት ሁሉ መክፈላቸውን እንዳያቋርጡ እያሰበ ይቆያል። ዋስ የሚጠራውም በዚህ ምክንያት ነው። ከወሰደ በኋላ ስልኩን የሚዘጋ እንዳለ እቁብ የጣለ ሁሉ ያውቃል። በእኛ እቁብ ሰዎቹ የሚተዋወቁ ስለነበሩ ይህ ሥጋት ትንሽ ነበር፤ በማታውቁት ሰው ዘንድ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ዋጋ እርሱ ሊሆን ይችላል።

ወዳጃችን ግን ዘጸአት 22፥25ን ከፍቶ ጠበቀን። ክፍሉን በጥሞና ካነበባችሁት የሚናገረው ለድሃ ስለሚሰጥ ብድር ነው። ይህ ቦታ ለእኔ ወሳኝ ሆነ። ጓደኛዬ ገንዘቡን የፈለገው ለእናቱ ሕክምና ቢሆን ኖሮ፣ ያ ወር 10,400 ብር አያስገባለትም ነበር፤ 1,000 ብሩ ከምግቡ ተቀንሶ ወደ እኔ ኪስ ይመጣ ነበር። በባጃጁ ጊዜ ግን የሚሰጠኝ፣ ቀድሞ በማግኘቱ ካተረፈው ላይ ቆርሶ ነው። ለሁለቱም “1,000 ብር” የሚል አንድ ስም ብንሰጣቸው ራሳችንን እናታልላለን። በሌላ በኩል ባጃጁ መቆሙን አይቼ “9,000 ካልሰጠኸኝ” ብለው ኖሮ፣ ይህ ከጉድለቴ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ የጭንቀቱን ልክ አይቼ መተመን ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱትን ነገር ልንገራችሁ። የጊዜን ዋጋ ስትሰሙ የብሩን ብዛት ብቻ አትዩ፤ “ለስንት ጊዜ?” ብላችሁ ጠይቁ። በ60,000 ላይ ለአንድ ወር 1,000 መጨመር በዓመት ሲሰላ 20 በመቶ ገደማ ነው። በ5,000 ላይ ለአንድ ሳምንት 500 መጨመር ግን ትንሽ መስሎ ይታያል፤ በሳምንት 10 በመቶ ነውና በየሳምንቱ ቢደጋገም ዓመቱ ሳያልቅ ከዋናው አምስት እጥፍ ይከፈላል።

የተከራከርንበትን ሒሳብ አብዛኞቻችን በሌላ ቦታ ሳናስተውለው እናልፈዋለን። አንድ ወጣት የሠራበትን 6,000 ብር ሦስት ወር ዘግይቶ ይከፈለዋል፤ ከፋዩም “አንድ ሳንቲም አልጎደልኩብህም” ይላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ግን እንዲህ አይቆጥርም። በአንቀጽ 1803 መሠረት፣ ገንዘብ ያዘገየ ባለ ዕዳ፣ ባለ ገንዘቡ ጉዳት እንደደረሰበት ማስረዳት ሳያስፈልገው ወለድ ይከፍላል፤ ሕጉ የቆረጠው ልክም በዓመት 9 በመቶ ነው። ለወጣታችን ሲሰላ 135 ብር ይሆናል። ለቤት ኪራይ ተበድሮ ከሆነ ይህ ብዙ አይካስለትም። ሕጉ ግን መዘግየቱ ራሱ ጉድለት መሆኑን ተቀብሏል። ዘሌዋውያን 19፥13 ከዚያም ይጠብቃል፤ የቀን ሠራተኛን ዋጋ ለአንዲት ሌሊት እንኳ ማሳደር ከግፍና ከቅሚያ ጎን ተቆጥሯል። ለቀን ሠራተኛ የዛሬው ብር የዛሬ እራት ነው፤ ነገ ጠዋት ቢከፈለው የትናንቱን እራት አይገዛለትም።

“ታዲያ ለወንድምህ በነጻ ብትለቅለት ምን ነበረበት?” ትሉኝ ይሆናል። ምንም አልነበረበትም፤ ባደርገው መልካም ነበር። ግን ያኔ 1,000 ብር የሚያህል ስጦታ ሰጥቻለሁ ማለት ነው። እርሱም ስጦታ መቀበሉን ቢያውቅ ደግ ነው። ብድሩን ከዓመት በኋላ መልሶ “ሙሉውን ከፍያለሁ” የሚል ሰው የሚያስቀይመኝ ገንዘቡን ስላዘገየ ብቻ አይደለም፤ የተሰጠውን ስጦታ ስላላየው ነው። እኔም ራሴ ከአንድ ጓደኛዬ የተበደርሁትን ከዓመት በላይ አቆይቼ ስመልስ ምስጋና እንኳ በቅጡ ያላቀረብሁበት ጊዜ አለ።

በመጨረሻ 1,000 ብሩን ተቀበልሁ። ባጃጁ በሳምንቱ መንገድ ላይ ነበር። የእቁቡ ዳኛ ሁላችንም ባለንበት፣ “11ኛ ዕጣ፣ በ1,000 ብር ተላልፏል” ብሎ በደብተሩ ጻፈ፤ ሁለታችንም ፈረምን። የተቃወመው ወዳጃችን ግን ዛሬም ሐሳቡን አልለወጠም፤ በአዲሱ እቁባችን ተራ በገንዘብ እንዳይተላለፍ አስወስኗል።