የወይዘሮ አልማዝ ካፖርት

ለአንድ አጭር ልቦለድ ሁለት መነሻዎች ጽፌ ጎን ለጎን አስቀምጫቸዋለሁ። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ «ክረምቱ ገብቷል፤ ሰማዩ ጠቁሯል፤ ዝናቡ የሰፈሩን ቆርቆሮ ሌት ተቀን ይደበድባል።» ሁለተኛው ደግሞ፦ «ወይዘሮ አልማዝ የባላቸውን ካፖርት የሸጡት ዝናቡ በጀመረ ማግስት ነው።»

የመጀመሪያውን ጮክ ብዬ ሳነበው ደስ ይለኛል። ምት አለው፤ ቆርቆሮውም ይሰማል። ነገር ግን ስለ ሌባ፣ ስለ ሙሽራ ወይም ስለ ተማሪ በሚተርክ ታሪክ አናት ላይ ባኖረው ያለ ችግር ይቀመጣል። ዝናቡ የሁሉም ነው፤ የማንንም ሕይወት ገና አልነካም።

ሁለተኛውን ግን ወደ ሌላ ታሪክ ማዛወር አይቻልም። ጉልበቱ ያለው በአሠራሩ ነው። «ካፖርቱን ሸጡ» ብል ወሬ ነገርኩ ማለት ነው። «የሸጡት... ማግስት ነው» ስል ግን መሸጡ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ይሆንና አዲሱ ነገር ቀኑ ላይ ይወድቃል። አንባቢው ሰዎች ሲያወጉ ዘግይቶ እንደደረሰ ሆኖ ይገባል። ካፖርት በሚፈለግበት ሰሞን ለምን ተሸጠ? ባልየው ሞተዋል ወይስ በሕይወት አሉ? አንቱታውም ሥራ አለው፤ ተራኪው ሴትዮዋን የሚያከብር፣ ምናልባት በዕድሜ የሚያንስ ጎረቤት መሆኑን ይጠቁማል። «አልማዝ የሸጠችው» ብዬ ብቀይረው ተራኪው እኩያዋ ይሆናል፤ ታሪኩም ሌላ ታሪክ ይሆናል።

ስለዚህ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ምርጫው ግን ዕዳ አለበት። ታሪኩ ካፖርቱን ረስቶ ስለ ልጆቻቸው ጠብ ቢያወራ መነሻው አታሏል። ጎርፍ ቤታቸውን የሚወስድበት ታሪክ ቢሆን ኖሮም ፍርዴ ይገለበጥ ነበር፤ ያኔ ዝናቡ ራሱ ባለታሪክ ነውና ቀድሞ መግባት ይገባዋል። «ባላቸውን የገደሉት» ብሎ መጀመርም ይቻላል፤ እንዲያ ሲሆን ግን ታሪኩ በቀስታ ሊደርስበት የሚገባው ነገር በአንድ ትንፋሽ ያልቃል።

ሩሲያዊው ደራሲ ቡኒን በትዝታው እንደጻፈው፣ ቼኾቭ ታሪክ ተጽፎ ሲያልቅ መጀመሪያውና መጨረሻው መሰረዝ አለበት ይል ነበር። እኔ ዝናቡን አልሰርዘውም፤ ዝቅ አደርገዋለሁ። ወይዘሮ አልማዝ ከገበያ ሲመለሱ፣ ካፖርቱ ይሰቀልበት የነበረውን ባዶ ሚስማር አንባቢው ካየ በኋላ፣ ያው ቆርቆሮ ቢደበደብ ድምፁ የእርሳቸው ይሆናል።

የቀረኝ የታሪኩ ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር ነው። ለምን እንደሸጡት ገና መናገር የለበትም፤ ገዢው ማን እንደሆነና የካፖርቱን ኪስ ሲፈትሽ ምን እንዳገኘ ቢናገር ይበቃል።