«እምቢ» ሊባል የሚችል ጥያቄ

«ታገቢኛለሽ?» ብሎ መጠየቅ ከባድ እንደሆነ አውቅ ነበር። ከዚያ ይልቅ የሚከብደው ግን ጥያቄውን በእውነት ጥያቄ ማድረግ ነው። ይህን የተረዳሁት የዛሬዋን ባለቤቴን ለመጠየቅ ስሰናዳ ነው።

ባለቤቴ የሰው ዓይን አትወድም። አንድ ጊዜ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቿ ለልደቷ ሻማ የበራበት ኬክ ይዘው፣ እየዘፈኑ ጠረጴዛዋን ከበቧት። ፈገግ አለች፤ ሻማውን እፍ አለች፤ አመሰገነች። ማታ ስንገናኝ ግን እጇ ገና ይንቀጠቀጥ ነበር። «ሁሉም ሲያዩኝ የራሴ ስሜት ይጠፋብኛል፤ የሚጠብቁትን ብቻ አደርጋለሁ» አለችኝ።

ሐሳቤን ያካፈልኳቸው ጓደኞቼ ምክራቸውን አልነፈጉኝም። አንዱ አዝማሪ ቤት እንድወስዳት ነገረኝ፤ አዝማሪው ስሟን እየጠራ ሲገጥም እኔ ተንበርክኬ ቀለበቱን ላወጣ። ሌላው ደግሞ ጓደኞቿን ምግብ ቤት ውስጥ ደብቀን በስልክ እንድናስቀርጽ መከረኝ። ሁለቱም የተናገሩት በቅንነት ነው። እኔ ግን የኬኩ ቀን ትዝ አለኝ። ሕዝብ እያጨበጨበ «አይሆንም» የሚል አንደበት ያለው ስንቱ ነው? «እሺ» ብትለኝስ፣ እሺታው ለእኔ ነው ወይስ ለጭብጨባው? መልሱ አንድ ብቻ የሆነ ጥያቄ ትእዛዝ እንጂ ጥያቄ አይመስለኝም።

እዚህ ላይ የሽምግልናን ሥርዓት ልብ ይሏል። ሽማግሌ ሲላክ ጠያቂው ራሱ አብሮ አይቀመጥም። የልጅቷ ወገንም ወዲያው አይመልስም፤ «እንመካከርበት፣ በዚህ ቀን ተመለሱ» ይላል። ሽማግሌዎቹ ሁለት ሦስት ጊዜ ሊመላለሱ ይችላሉ። በዚህ መመላለስ ውስጥ «እምቢ» ማለት የፈለገ ወገን ማንንም ፊት ለፊት ሳያዋርድ ይላል። የሥርዓቱ ጉድለት ሌላ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው አባት ነበር፣ ልጅቷ አልነበረችም። ስለዚህ ጊዜ መስጠቱን ከአባቶች ወስጄ ጥያቄውን ወደ እሷ ለማዞር ቆረጥኩ።

ቦታውን ስመርጥ መጀመሪያ ያሰብኩት ቢሾፍቱን ነበር። ሐይቅ ዳር፣ ጸጥታ፣ ሁለታችን ብቻ። ኋላ ግን አንድ ነገር አሰጋኝ። የምንሄደው በእኔ መኪና ነው። «አይ» ብትለኝ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ከጎኔ ተቀምጣ ልትመለስ ነው። ለካ ሰው የሌለበት ቦታ ሁሉ ነፃነት ያለበት ቦታ አይደለም!

ቀጥሎ የቀለበቱ ነገር መጣ። ሊጥ ስታቦካ የምታወልቃትን ቀለበት ወረቀት ላይ አስቀምጬ በውስጥ በኩል በእርሳስ ከበብኩና ልኩን ያዝኩ። ይሁን እንጂ አላሠራሁትም። ሳጥኑ ተከፍቶ የሚያብለጨልጭ ቀለበት እሱ ራሱ ምስክር ነው፤ ወጪው ወጥቷል፣ መልስሽ ምንድነው ይላል። ወረቀቷን ኪሴ ውስጥ አኖርኳት።

በመጨረሻ የመረጥኩት ከታክሲ ወርደን እስከ እናቷ ቤት ዘወትር የምንሄድበትን የ15 ደቂቃ መንገድ ነው። ጎን ለጎን ስንሄድ ፊቷን አላፈጥበትም፤ ቤቷም ቅርብ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንዲህ አልኳት፤ «ካንቺ ጋር መኖር እፈልጋለሁ። አንቺስ? ዛሬ እንድትመልሽልኝ አልፈልግም፣ እስከ ሐሙስ አስቢበት። ዛሬ መጠየቄን የሚያውቅ ሰው የለም።» ዝም አለች። በሩ ላይ «እሺ፣ አስባለሁ» ብላኝ ገባች።

እነዚያ አምስት ቀናት ቀላል አልነበሩም። አልደወልኩም ብል እዋሻለሁ፤ ደውዬ ስለ ዝናቡ አወራሁ። ሐሙስ ስንገናኝ «እሺ» ከማለቷ በፊት ሁለት ነገር ጠየቀችኝ። እናቷን ብቻቸውን ትታ መውጣት እንደማትችል ነግራኝ፣ ከእኛ ጋር ቢኖሩ ፈቃደኛ መሆኔን ጠየቀች። ሠርጉ ድንኳን የማይጣልበት ትንሽ ድግስ መሆን ይችል እንደሆነም እንዲሁ። በሁለቱም ላይ እስኪመሽ ተነጋገርን። ስለ እናቷ የነበረኝ መልስ ያልተሟላ እንደነበር አልክድም፤ ተከራክረን ነው የተስማማነው። እንግዲህ ይህ ሁሉ በአዝማሪ ግጥምና በእልልታ መካከል የት ይነሳ ነበር?

እርግጥ ነው፣ በሰው ፊት መከበር የሚያስደስታት ሴት ትኖራለች፤ ለእሷ አደባባዩ ስጦታ ይሆናል። እንደዚያም ቢሆን ጉዳዩ ቀድሞ በሁለቱ መካከል ተነጋግሮ ያለቀ ቢሆን ይሻላል ባይ ነኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ላክሁ። አጎቷ እንደ ደንቡ «እንመካከርበት፣ በሌላ ቀን ተመለሱ» አሏቸው። እሷ ይህን ስትሰማ ጓዳ ውስጥ ስትስቅ እንደነበር እናቷ ዛሬም ይነግሩኛል።